ስሙን ለቄሱ ማን ነገራቸው? ለልጄ አባትነት የተከራከርኩበት ሁለት ዓመት

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ልጄን አፀደ ሕፃናት ላስመዘግብ ስሄድ የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቁኝ። አልነበረኝም። ወረዳችን ወደሚገኘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ወጣት «አባትየው መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» አለችኝ። እንደማይመጣ ስነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በእርስዎ ብቻ ማስመዝገብ ይቻላል፤ የእርሱን ስም ግን በእርስዎ ቃል ብቻ መጻፍ አልችልም» አለች። ልጄ የእኔን አባት ስም ይዛ ተመዘገበች። አባቴ ደግ ሰው ነበር፣ ስሙም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ከልጄ ላይ የሆነ ነገር እንደ ተወሰደባት ሆኖ ተሰማኝ። አባት አላትና።

አባትዬው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይመላለሳል። እኔ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አንዲት ክፍል ቤት በስሙ ተከራየልኝ። ከጉዞ ሲመለስ እዚያ ያርፋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብትና እንደገና መንገድ ይወጣል። ሽማግሌ አልተላከም፣ አልተፈራረምንም። ልጄ መስከረም 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ተወለደች። ያኔ አባት ነበር፣ ይህን አልክድበትም። ሆስፒታል የወሰደኝም፣ ገንፎ እህሉን ያስመጣውም፣ ክርስትና ያስነሳትም እርሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሌላ ሴት አገባ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ሁለት ሽማግሌዎች ልኬ ወደ ምዝገባው ቢሮ ቀርቦ ልጅነቷን እንዲቀበል ለመንኩት፤ አባት በፈቃዱ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቢቀበል ወይም ሥልጣን ባለው አካል ፊት በተረጋገጠ ጽሑፍ ቢያሰፍር፣ እናቲቱም ከተስማማች ነገሩ ያለ ክስ ያልቃል። የመለሰላቸው መልስ «ልጅቷ የእኔ ለመሆኗ ምን ማረጋገጫ አለ?» የሚል ነበር።

ይህን ያማከርኩት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነገረኝ፤ «ያለ ዲኤንኤ አይሆንም።» የምርመራው ወጪ ከየት እንደሚመጣ፣ እርሱን ማን ጎትቶ እንደሚያቀርበው ሳስብ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ አልኩ። በዚያ ዓመት ስልኬ ተሰበረ፤ «ልጄ ደህና ናት? ትኩሳቱ ለቀቃት?» እያለ ከመንገድ የላከልኝ መልእክቶች አብረው ጠፉ። ዛሬም የሚቆጨኝ እርሱ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ውስጥ ያላችሁ እናቶች፣ ክስ ለመመሥረት ገና ባትወስኑ እንኳን መልእክቶቹን ዛሬ አሳትሙ፤ ስልኩንም አትሽጡት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡት። ታትሞ የቀረበው ወረቀት ሐሰት ነው ከተባለ የሚታየው ስልኩ ራሱ ነው።

በመጨረሻ ቆርጬ ስነሳም የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ነው። አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ የነገርኩትን ሁሉ ሦስት ገጽ አድርጎ ጻፈልኝ። እንዴት እንደ ተዋወቅን፣ እንዴት እንደ ከዳኝ፣ እንዴት እንዳለቀስኩ፣ ሁሉም አለበት። መዝገብ ቤት ስቀርብ የተቀበለኝ ሠራተኛ አንብቦ «እህቴ፣ ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ አባትነቱን በየትኛው ምክንያት እንዲያውቅልሽ ነው የምትጠይቂው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማመልከቻው ተመለሰልኝ።

ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሄድኩ፤ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። ያገኘኋት የሕግ ባለሙያ ማመልከቻዬን ወደ ጎን አድርጋ አንድ መጽሐፍ ገለጠች። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 143። «ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ፣ አባት አልቀበልም ሲል፣ ሕጉ አምስት በሮች ይከፍታል። አንቺ በየትኛው በር እንደምትገቢ እንወቅ» አለችኝ።

አንደኛው በር እናቲቱ በፀነሰችበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ሰውዬው በሥልጣኑ ተጠቅሞ፣ አገባሻለሁ ብሎ ወይም በሌላ ይህን በመሰለ ማታለል አስቷት ከሆነ። ሦስተኛው፣ አባት የተባለው ሰው የጻፈው፣ አባትነቱን ያለ ጥርጥር የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ሲገኝ። አራተኛው፣ ሁለቱ በሕግ የታወቀ ግንኙነት ባይኖራቸውም ልጁ በተፀነሰበት ጊዜ አብረው እየኖሩ የማያቋርጥ ግንኙነት ከነበራቸው። አምስተኛው ደግሞ ሰውዬው አባት እንደመሆኑ ልጁን በመመገብ፣ በመንከባከብ፣ በማስተማር ተካፍሎ ከሆነ ነው። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል የምትኖሩ የክልላችሁን ሕግ አንቀጽ አስፈልጉ።

እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሳይንስ ምርመራ አንዱ ማስረጃ እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የተለመደው የቤት ውስጥ ኑሯችን፣ የወተቱ ገንዘብ፣ የኪራይ ውሉ፣ የክርስትናው ቀን፣ ራሱ ማስረጃ ነበር። እኔ ግን እንደ ማስረጃ አላየሁትም፤ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሸጉጬው ተቀምጦ ነበር።

ባለሙያዋ ቀጥላ ያደረገችው ነገር የቀን መቁጠሪያ ማውጣት ነው። ሕጉ የእርግዝናን ጊዜ የሚቆጥረው ከልደቱ ቀን ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ ከ180 ቀን ያላነሰ፣ ከ300 ቀን ያልበለጠ። ልጄ የተወለደችው መስከረም 12 ቀን 2010 ነው። ከዚያ 180 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር መጋቢት 17 ቀን 2009 ላይ ደረስን፤ 300 ቀን ስንቆጥር ኅዳር 17 ቀን 2009 ላይ። «ስለ ቀረው አምስት ዓመት ብዙ አትጨነቂ» አለችኝ። «አብሮ መኖርን የምናስረዳው ለእነዚህ አራት ወራት ነው። ምስክሮችሽ በእነዚህ ወራት ምን አዩ?» ይህ ጥያቄ ምስክሮቼን በአንድ ቀን ለየልኝ። በጣም የምትወደኝ የሥራ ባልደረባዬ እርሱን ያወቀችው በ2011 ዓ.ም. ነበርና ስለ ፅንሱ ጊዜ የምትለው አልነበራትም። አከራዬ እማማ ግን ቤቱን ካከራዩን ከመስከረም 2009 ጀምሮ እርሱ ሲመጣና ሲሄድ ያያሉ፤ ኪራዩንም ከእጁ የሚቀበሉት እርሳቸው ናቸው።

የኪራይ ውሉ በእርሱ ስም የተጻፈ፣ የፈረመበት ነበር። ቀኑም ከአራቱ ወራት በፊት ስለሆነ ለአራተኛው በር ጥሩ ነበር። ድካሙ ግን እርሱ ሹፌር መሆኑ ነው። ወሩን ግማሽ መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው «አብሮ ኖሯል» ለማለት ያከራክራል። ስለዚህ ባለሙያዋ ክሱን በአራተኛው ብቻ ሳይሆን በሦስተኛውና በአምስተኛውም እንዲቆም አድርጋ አዘጋጀችው። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል።

ለአምስተኛው በር ያገለገለኝ ባንክ ነው። ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ወደ ሒሳቤ ገንዘብ ሲያስገባ ቆይቷል። ቅርንጫፉ ሄጄ የሦስት ዓመት የሒሳብ መግለጫ በማኅተም ወሰድኩ፤ የራሴ ሒሳብ ስለሆነ ለዚህ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላስፈለገኝም። አሥራ አንድ ጊዜ አስገብቷል። በአራቱ ላይ የገንዘቡ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ራሱ የሞላው አጭር ጽሑፍ ነበረ። አንዱ «የቤት ኪራይ» ይላል። ሁለቱ «ወተት» ይላሉ። አራተኛው «ለልጄ መድኃኒት» ይላል። ያን መግለጫ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። «ለልጄ» የምትለዋን ቃል ባለሙያዋ በእርሳስ አሰመረችባት።

ክሱ በልጄ ስም ተጻፈ። ከሳሽ እርሷ ናት፤ እኔ እናትና ሞግዚት ሆኜ ወክያታለሁ። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ልዩነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በችሎት ውስጥ ንግግሬ ወደ ራሴ ቁስል በሄደ ቁጥር ዳኛዋ «የሕፃኗ ጉዳይ ላይ እንቆይ» እያሉ መልሰውኛል፤ ትክክልም ነበሩ። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ አባትነቱ በፍርድ እንዲታወቅና ቀለብ እንዲቆረጥ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ስለማልችል ከወረዳዬ የአቅም ማነስ ማስረጃ አውጥቼ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሜ፣ በደሃ ደንብ እንድከስ ተፈቀደልኝ። መዝገቡ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቤተሰብ ችሎት የተከፈተው በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው።

መጥሪያ ማድረስ ብቻ አራት ወር ፈጀ። ቤቱን ቀይሯል፤ ስልክ አያነሳም። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በሚሠራበት የትራንስፖርት ድርጅት በኩል እንዲደርሰው አዘዘ። የመሥሪያ ቤቱን ትክክለኛ ስምና አድራሻ ያወቅሁት ከአሮጌ መታወቂያው ፎቶ ኮፒ ነው፤ ለኪራይ ውሉ ሲባል እማማ ዘንድ የቀረ። እንዲህ ያለ ትንሽ ወረቀት ቀጠሮ ያሳጥራልና አትጣሉት።

መልሱን ይዞ የቀረበው ከጠበቃ ጋር ነው። ሦስት ነገር አለ። ገንዘቡን የላከው በብድር መልክ ነው፤ ቤቱን የተከራየው ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ እኔም በዚያ ጊዜ ሌላ ወንድ ነበረኝ። ሦስተኛውን ስሰማ እግሬ ከዳኝ። ባለሙያዋ ግን ቀድማ አዘጋጅታኛለች፤ በእንዲህ ያለ ክርክር ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ቃል ይነሳል። ሕጉም ቦታ ይሰጠዋል፤ ልጁ በተፀነሰበት ጊዜ እናቲቱ ከሌላ ወንድ ጋር ግንኙነት እንደነበራት በእርግጥ ከተረጋገጠ ክሱ ይናጋል። ማስረዳት ያለበት ግን የሚለው ሰው ነው። ማንን፣ መቼ፣ የት፣ ማን አይቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ምስክር አላቀረበም። እኔ መልስ ስሰጥ እንዳልጮህና እንዳልሰድብ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበርና «አልነበረኝም፤ ማን እንደሆነ ይናገር» ብዬ ተቀመጥኩ።

ዲኤንኤ እንዲደረግ የጠየቀው እርሱ ራሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ተቀብሎ ለመርማሪው ተቋም ደብዳቤ ጻፈ። አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ይፈራዋልና። ልጁ፣ እናትና አባት የተባለው ሰው በአንድ ቀጠሮ ይቀርባሉ፤ ማንነታቸው ከፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጋር ይመሳከራል። ናሙናው ብዙ ጊዜ ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በትንሽ ጥጥ የሚወሰድ ነው፤ ልጄን አላሳመማትም። ውጤቱ በእናንተ እጅ አይሰጥም፣ ታሽጎ ለችሎቱ ይላካል። አባት ካልሆነ ምርመራው ከዝርዝሩ ያወጣዋል፤ ከሆነ ደግሞ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 99 በላይ በሆነ ቁጥር ይገለጻል። በግል ተስማምቶ የተደረገ፣ ናሙናው የማን እንደሆነ ያልተረጋገጠ ምርመራ ግን ችሎት ላይ ሲቀርብ የሚያከራክር ነው። ስለዚህ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት ትእዛዙን ከፍርድ ቤቱ አግኙ።

እርሱ አልመጣም። ልጄን በነጭ ቀሚሷ አልብሼ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅን። ሁለተኛ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ጅቡቲ ነኝ ብሎ በድጋሚ ቀረ። ከተቋሙ ሠራተኛ ጋር ብንማረርም የሠራችልን ነገር ትልቅ ነበር። ከሳሽና ሕፃኗ ቀርበው ናሙና እንደሰጡ፣ ተከሳሽ ግን በሁለቱም ቀጠሮ እንዳልቀረበ የሚገልጽ ደብዳቤ ለችሎቱ ጻፈች። ማንንም በጉልበት ይዞ ናሙና መውሰድ አይቻልም። ነገር ግን ምርመራውን ራሱ ጠይቆ ራሱ የቀረ ሰው፣ ይህ መቅረቱ ከሌላው ማስረጃ ጋር አብሮ ይመዘንበታል። ዳኛዋ ለሦስተኛ ጊዜ ቀጠሮ አልሰጡትም፤ ወደ ምስክር ተሻገሩ።

ምስክር የተሰማበት ቀን ችሎቱ ዝግ ነበር። እማማ ስለ ኪራዩና ስለ ወራቱ ተናገሩ። የመሥሪያ ቤት ዕቃ አይተው ያውቁ እንደሆነ ሲጠየቁ «አልጋና የሕፃን ገንዳ ዕቃ ከሆነ አይቻለሁ» አሉ። ከዚያ የልጄ የክርስትና እናት ቀረበች። የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን አያይዘን ነበር፤ የአባት ስም በሚለው ላይ የእርሱ ስም አለ። ጠበቃው ተነሥቶ ይህ ወረቀት ዋጋ የለውም፣ እናቲቱ ያለችውን ቄሱ የጻፉት ነው አለ። በዚህ ጊዜ ዳኛዋ የክርስትና እናቷን ራሳቸው ጠየቋት፤ «ስሙን ለቄሱ ማን ነገራቸው?»

እኔ ይህን ጥያቄ ፈጽሞ አልጠበቅሁትም። እርሷ ግን ቀኑን ታስታውሳለች። ሰማንያኛው ቀን ነው፤ ልጅቷን የታቀፈችው እርሷ ናት። ቄሱ የአባት ስም ሲሉ እርሱ ከወንዶች በኩል ቆሞ ስሙን ከነአባቱ ነገራቸው፤ የአባቱን ስም በትክክል ስላልሰሙት ደግሞ ደገመላቸው። በዚያው ቀን የተነሳውን ፎቶግራፍም አሳየች፤ ልጅቷን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሟል። የጥምቀት ካርድም ሆነ የክትባት ካርድ ብቻውን ደካማ ማስረጃ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ማንኛዋም እናት የፈለገችውን ስም ማስጻፍ ትችላለች። ኃይል የሚያገኘው ሰውዬው ራሱ በቦታው ቆሞ ስሙን መስጠቱን ያየ ሰው ሲኖር ነው። የክትባት ካርዱን አያይዘነው ነበር፤ በፍርዱ ላይ ግን ስሙ አልተነሳም።

ፍርዱ የተሰጠው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። ፍርድ ቤቱ አብሮ መኖሩን በተመለከተ እርሱ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ መሆኑን ጠቅሶ ብዙ አልቆመበትም። ክብደት የሰጠው ለአምስተኛው በር ነው። ገንዘቡ ብድር ከሆነ «ለልጄ መድኃኒት» የሚል ብድር እንደማይኖር፣ በክርስትናው ዕለት በሕዝብ ፊት አባትነቱን መግለጹ፣ ራሱ የጠየቀውን ምርመራ መሸሹ ተዘርዝሮ አባቷ መሆኑ ታወቀ። ከጎኔ የተቀመጠችው የሕግ ባለሙያዋ ነበረች፤ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

በቀለቡ ላይ የጠየቅሁት በወር 4,000 ብር ነበር፤ የተወሰነው 2,500 ብር ነው። መለኪያው የሕፃኗ ፍላጎትና የአባትየው አቅም ነው። ፍርድ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ ያስመጣው ማስረጃ ያልተጣራ ደመወዙን ብቻ ያሳያል፤ የሹፌሮች ዋና ገቢ የሆነውን የጉዞ አበል አያሳይም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አበሉም ተለይቶ እንዲገለጽ ከመጀመሪያው በማመልከቻ እጠይቅ ነበር። በጥያቄዬ ላይ የወተት፣ የትምህርት ቤት፣ የኪራይና የሕክምና ወጪን ከደረሰኝ ጋር ዘርዝረናል፤ ደረሰኝ ያልነበረው የልብስ ወጪ ተቀነሰ። ቀለቡ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ እንዲከፈል ተወሰነ። ከዚያ በፊት ያለፉትን ዓመታት ግን አላገኘሁም። ሳይጠየቅ ያለፈ ቀለብን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈል አስቸጋሪ ነውና፣ ዲኤንኤ እያልኩ የተቀመጥኩበት ዓመት ዋጋ አስከፍሎኛል። ኑሮ ሲወደድ ወይም የልጁ ፍላጎት ሲጨምር ቀለቡ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

እርሱ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገቡን መርምሮ እኔን ሳይጠራ ይግባኙ አያስቀርብም ብሎ በጥር 2016 ዓ.ም. ዘጋው። ፍርድ በእጅ መያዝና ገንዘቡን ማግኘት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፈቃዱ አልከፈለም። የአፈጻጸም መዝገብ ከፍተን፣ ቀለቡ ከደመወዙ ተቆርጦ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳቤ እንዲገባ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ተጻፈ። የመጀመሪያው 2,500 ብር የገባው በሚያዝያ ነው።

ሰዎች ስለ መብቱ ሲጠይቁኝ ከቀለብ አልፈው አያስቡም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ይህ በፍርድ ቤት ደጅ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት በአንዲት ሴት ላይ ነው። ሰውዬው ከሞተ በኋላ የሟች ወራሾችን ከስሳ ነበር የመጣችው። ልጇ እንደማንኛውም ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሽ ነው፤ ከሚስቲቱ ልጆች የሚያንስ ድርሻ የለውም። ነገር ግን አባትነቱ በሰውዬው ሕይወት ሳለ ስላልታወቀ፣ አሁን የምትከራከረው ቤቱን ለመካፈል ከማይፈልጉ ሰዎች ጋር ነው። ምስክሮቿ አርጅተዋል፤ አንዱ ሞቷል። ልጄ ይህን መንገድ አትሄድም። አባቷ ወንድሞችና እህቶች ቢወልድላት ከእነርሱ ጋር እኩል ናት፤ በኑዛዜ ሊነቅላት ቢፈልግም ሕጉ በቂ ምክንያት በግልጽ እንዲጽፍ ይጠይቀዋል።

ለእኔ ግን ከእርሱ ንብረት አንድም ነገር አልተሰጠኝም፣ አልጠየቅሁምም። የአባትነት ፍርድ እናትን ሚስት አያደርግም። ይህን አምታተው የቤትና የመኪና ጥያቄ በዚሁ ክስ ላይ የሚጨምሩ ሴቶች አሉ፤ ጉዳዩ ይወሳሰባል፣ ይጓተታልም። አብሮ መኖርን መሠረት አድርጎ የሚጠየቅ የንብረት መብት የራሱ መስፈርት ያለው ሌላ ክርክር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመክሰሳችሁ በፊት አስቡበት። አባት ተብሎ የተፈረደበት ሰው የአባት መብትም ያገኛል። ልጄ ከእኔ ጋር እንድትኖር ተወስኗል፤ እርሱ ግን በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያያት ተፈቅዶለታል። እስከ ትናንት ስሟን ለካደ ሰው ልጄን አስረክቤ መመለስ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት አንጀቴን በልቶታል። ሆኖም ይህ የእርሱ መብት ብቻ አይደለም፤ አባቷን የማወቅ መብት የእርሷ ነው። የሚጎዳት መሆኑ ከታየ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሊገድበው ይችላል።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የፍርዱን ግልባጭ ይዤ ወደዚያው ምዝገባ ቢሮ ተመለስኩ። የሚቀበሉት ማኅተም ያለበትን ትክክለኛ ግልባጭ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አምጥታችሁ እንዳትመለሱ። አባትነት በፍርድ ሲታወቅ ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ኩነት መሆኑንም ያወቅሁት እዚያ ነው። ከመዝገብ ቤት አራት ግልባጭ አውጥቼ ነበር፤ አንዱ ለምዝገባው፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለአፈጻጸም መዝገቡ ሄደ። አራተኛው እናቴ ቤት፣ በሣጥኗ ውስጥ፣ ከልጄ የክርስትና ፎቶግራፍ ጋር ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሌላ ሠራተኛ ነበረች። አዲሱን ወረቀት አትማ «ስሙን አረጋግጪ» አለችኝ። ልጄ ማንበብ ጀምራ ነበርና ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችው። ስሟን፣ ከዚያ የእርሱን፣ ከዚያ የአያቷን።